የማሸጊያ ክፍል የጠዋት ፈረቃ ዕለታዊ የሰዓት ፊርማ ማጠቃለያ፦ ሐሙስ
ለማሸጊያ ክፍል ሱፐርቫይዘር

ዛሬ ጠዋት በፈረቃው ከተመደቡት 84 ሠራተኞች መካከል 76ቱ በሥራ ላይ የተገኙ ሲሆን፣ ካልተገኙት 8 ሠራተኞች 5ቱ በዓመት ፈቃድ፣ 2ቱ በሕመም ፈቃድ ላይ ናቸው። የመታወቂያ ቁጥር 0402 ግን ይህ ማጠቃለያ እስከወጣበት እስከ 4፡00 ሰዓት ድረስ አልገባም፤ ፈቃድ መጠየቁን የሚያሳይ መረጃም አልተገኘም።

ከ1፡30 መግቢያ ሰዓት በኋላ ያለው የ5 ደቂቃ እፎይታ ታስቦ 67 ሠራተኞች በሰዓቱ ገብተዋል። መሣሪያው የቁጥር 0351ን የጣት አሻራ በተደጋጋሚ ስላልተቀበለ፣ የጥበቃ መዝገቡ በሚያሳየው በ1፡22 እንደገባ ተቆጥሮ በእጅ ተመዝግቧል፤ አሻራው እንደገና ካልተወሰደ ነገም ይኸው ችግር መደገሙ አይቀርም።

ያረፈዱት 9 ናቸው። ስድስቱ ከ1፡41 እስከ 1፡44 ባለው ጊዜ ተከታትለው የፈረሙ ሲሆን፣ ሁሉም የአንድ ሰርቪስ ተሳፋሪዎች በመሆናቸው መዘግየቱ የመኪናው እንጂ የእነርሱ አይመስልም፤ ስለዚህ የደመወዝ ቅነሳ ከመወሰኑ በፊት የስምሪት ክፍሉ ማረጋገጫ እንዲጠየቅ አሳስባለሁ። ቁጥር 0426 በ3፡05 የገባው አስቀድሞ በተሰጠው ፈቃድ ነው። ቁጥር 0417 በ22 ደቂቃ፣ ቁጥር 0388 በ40 ደቂቃ ዘግይተዋል፤ የኋለኛው በዚህ ሳምንት ሲያረፍድ ሦስተኛ ጊዜው ስለሆነ፣ በመመሪያው መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከመሰጠቱ በፊት ምክንያቱን እንዲያስረዳ ዛሬ ከፈረቃው መውጫ በፊት ቢጠራ መልካም ነው።

የሰዓት ቁጥጥር ሠራተኛ