ዋንጫው በማርቲኔዝ ግራ እግር ላይ ቆሞ ነበር፦ አርጀንቲና 3 ለ 3 ፈረንሳይ (በመለያ ምት 4 ለ 2)

ሉሳይል፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ 120ው ደቂቃ አልቆ ሁሉም የዳኛውን ፊሽካ ይጠብቃል። ኮናቴ ከኋላ በረጅሙ የላካት ኳስ ኦታሜንዲን አልፋ ራንዳል ኮሎ ሙዋኒ ፊት ነጠረች። ብቻውን ነው፤ ከፊቱ ያለው የአርጀንቲናው ግብ ጠባቂ ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ ብቻ። ፈረንሳዊው ሳያረጋጋት አክርሮ መታት። ማርቲኔዝ ሁለት እጁን ዘርግቶ ግራ እግሩን ወረወረ፤ ኳሷ እግሩ ላይ ተላትማ ተመለሰች። ወዲያው በሌላኛው ግብ ክልል ላውታሮ ማርቲኔዝ ያለ ጠባቂ በጭንቅላት ገጭቶ ወደ ውጪ ሰደዳት። ትንፋሽ ለመሰብሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ከመለያ ምቱ ይልቅ የዓለም ዋንጫው የተወሰነው እዚያች እግር ላይ ነው ብል የሚከራከረኝ ይኖራል፤ እኔ ግን እንደዚያ ነው ያየሁት።

ጨዋታው እዚያ ድረስ ይደርሳል ብሎ የገመተ አልነበረም። የአርጀንቲናው አሰልጣኝ ስካሎኒ ዲ ማሪያን በግራ መስመር አሰልፎ ኩንዴንና ዴምቤሌን መከራ አሳያቸው። ዴምቤሌ ራሱ ዲ ማሪያን ጠልፎ ጣለ፤ ሜሲ በ23ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምቱን አስቆጠረ። በ36ኛው ደቂቃ የተቆጠረችው ሁለተኛዋ የምሽቱ ውቧ ግብ ናት፦ ሜሲ በአንድ ንክኪ ለአልቫሬዝ፣ አልቫሬዝ ለማክ አሊስተር፣ እሱ ደግሞ በሩጫ ለደረሰው ዲ ማሪያ። አግቢው ገና ሳይጨፍር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ፈረንሳይ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድም የግብ ሙከራ አላደረገችም። አሰልጣኟ ዴሻምፕስ ዕረፍቱን እንኳ ሳይጠብቁ በ41ኛው ደቂቃ ጂሩንና ዴምቤሌን አስወጥተው ቱራምንና ኮሎ ሙዋኒን አስገቡ። ዲ ማሪያ በ64ኛው ደቂቃ ሲወጣ አርጀንቲና የምታጠቃበትን በር ራሷ ዘጋች። ጨዋታውን ባየንበት ቤት ግን ሒሳባቸውን ከፍለው መውጣት የጀመሩ ነበሩ። ያልወጣነው ዕድለኞች ነን።

ኦታሜንዲ ኮሎ ሙዋኒን ጎትቶ ጣለ፤ ምባፔ በ80ኛው ደቂቃ የመታትን ፍጹም ቅጣት ምት ማርቲኔዝ ቢነካትም ገባች። ከዚያ ኮማን ኳሷን ከሜሲ እግር ነጠቀ፣ ምባፔ ከቱራም ጋር ተቀባብሎ መሬት ሳትነካ መታት። 2 ለ 2። በሁለቱ ግቦች መካከል የነበረው ልዩነት 97 ሰከንድ ብቻ ነው።

በጭማሪው ሰዓት 108ኛው ደቂቃ ላይ የፈረንሳዩ ግብ ጠባቂ ሎሪስ የላውታሮን ምት ሲመልስ ሜሲ አገባት፤ ኩንዴ ጠርጎ ሲያወጣት ኳሷ መስመሩን አልፋ ነበር። ይበቃል ሲባል የምባፔ ምት የሞንቲየል ክርን ላይ አረፈ። ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት፣ በ118ኛው ደቂቃ ሌላ ግብ። ምባፔ ከእ.ኤ.አ. 1966ቱ ጄፍ ኸርስት ቀጥሎ በወንዶች ፍጻሜ ሃትሪክ የሠራ ሁለተኛው ተጫዋች ሆነ፤ ውድድሩንም በ8 ግቦች ከሜሲ በአንድ በልጦ ጨረሰ።

ቁጥሮቹን ብቻ ያየ ሰው ጨዋታው ያን ያህል ያጨናነቀ አይመስለውም። አርጀንቲና 20 ጊዜ ሞክራ 10ሩ ኢላማቸውን ጠብቀዋል፤ ፈረንሳይ 10 ጊዜ ሞክራ 5። የኳስ ቁጥጥሩም 54 ለ46 በመቶ ነው። በአምስት ኢላማ የጠበቀ ምት ሦስት ግብ ማግባት የምባፔ ሥራ ነው። ሜሲም 26ኛ የዓለም ዋንጫ ጨዋታውን በማድረግ የብዙ ጨዋታ ሪከርድ ሰብሯል፤ በአንድ ውድድር በምድብ፣ በ16ቱ ዙር፣ በሩብ ፍጻሜ፣ በግማሽ ፍጻሜና በፍጻሜ ያገባ የመጀመሪያው ተጫዋችም ነው።

በመለያ ምቱ ምባፔም ሜሲም አገቡ። ማርቲኔዝ የኮማንን አዳነ፤ ቹዋሜኒ ሊመታ ሲጠጋ ኳሷን ወርውሮ እንዲያመጣት አስገደደው፣ ምቱም ወደ ውጪ ወጣች። ነገሩ ጨዋነት የጎደለው ነው፣ ግን ሠርቷል። ዲባላና ፓሬዴስ አልሳቱም።

ኮሎ ሙዋኒ አሁን ተረጋግቶ፣ ያንኑ ግብ ጠባቂ አሸንፎ አገባ። ቀጥሎ የመጣው ሞንቲየል ነበር፣ ያ ክርኑ አቻ ያደረጋቸው። ሎሪስ በተቃራኒው ወደቀ። ሞንቲየል ማልያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት፤ ሜሲ መሃል ሜዳ ላይ ተንበረከከ። በ88,966 ተመልካች ፊት አርጀንቲና ከእ.ኤ.አ. 1986 ወዲህ የመጀመሪያዋን፣ በጠቅላላው ሦስተኛዋን ዋንጫ ወሰደች።