ፈርሜ የተቀበልኩት ሰዓት

እንደምን ዋላችሁ።

የፖስታ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ደሳለኝ፣ ባልደረቦቼ፣ ጡረታ ወጥታችሁ ለዛሬ ብላችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቼ፤ ይሄን የሰኔ ዝናብ ችላችሁ ጡረታ ስወጣ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁልኝ እግዜር ያክብርልኝ።

ትናንት ማታ የምለውን በወረቀት ጽፌ ነበር። ዛሬ ጠዋት ያደረጋችሁልኝን ካየሁ በኋላ ግን ግማሹን ሰረዝኩት። ለእንግዶቻችን ልንገራቸው። ጠዋት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ባልደረባችን ሕይወት የአደራ ደብዳቤ መዝገቡን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ በስምሽ የአደራ ዕቃ መጥቷል፤ መታወቂያ አሳዪና ፈርሚ» አለችኝ። የምሬን ነው የምላችሁ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ስል ኖሬ፣ በዚያ መዝገብ የተቀባይ መስመር ላይ ስሜን ስጽፍ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ፈረምኩ። ትንሽ ጥቅል ሰጠችኝ። በገመድ ታስሯል፣ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ቁጥር አለው። ስፈታው ይህ ሰዓት ወጣ።

ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ነው። ፊቱ ነጭ፣ ቁጥሮቹ ትልልቅ። ዓይኔ እንደደከመ የምታውቅ ሰው መርጣዋለች ማለት ነው፤ አስናቀች፣ አንቺ እንደሆንሽ ገብቶኛል። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። «ለእትዬ አዛለች፣ አደራ ጠባቂያችን፣ 1987–2017፣ ጎንደር» ይላል። በማሽን የተጻፈ አይደለም። አራዳ ያለ አንጥረኛ በእጁ እንደቀረጸው ነገራችሁኝ። «ዛ» ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላለች፣ በጣቴ ስዳስሳት ትታወቀኛለች። ከሁሉም በላይ የወደድኳት እሷን ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ስሜን በብረት ላይ እንደጻፈ ያሳየኛል።

ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላችሁልኝ። ስቀበለው ልክ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይል ነበር። መስኮት ከመክፈታችን በፊት ያለችውን ያችን ሩብ ሰዓት እዚህ የሠራ ሁሉ ያውቃታል።

ስለዚያች ሩብ ሰዓት ትንሽ ልናገር፣ ፍቀዱልኝ። በ1987 ዓ.ም. ተቀጥሬ ስመጣ ሥራ ያስለመደኝ ጋሽ ሞላ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። መጀመሪያ ያሳየኝ የደብዳቤ አመዳደብ አይደለም፣ የሒሳብ አያያዝም አይደለም። ደረሰኝ ላይ የምንመታውን የቀን ማኅተም አወጣና የትናንቱን ቀን በወረንጦ መዘዘ። የዛሬውን አስገባ። ቀለሙን ነካ አድርጎ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ መታ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አየው። «አዛለች፣ ይሄ ከተሳሳተ ዛሬ የሚሠራው ሁሉ ተሳስቶ ይውላል» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ በገባሁበት ቀን ሁሉ ቀኑን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ሐዘን ላይ ሆኜም ለውጬዋለሁ። የመጨረሻ ልጄን አርግዤ እግሬ አብጦ፣ ጫማዬን አውልቄ ቆሜም ለውጬዋለሁ።

«አደራ ጠባቂያችን» ብላችሁ ስለጻፋችሁት ነገር እውነቱን መናገር አለብኝ። አደራውን ብቻዬን አልጠበቅኩትም።

አንዳንዶቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ። በ1991 ዓ.ም. አንድ ደብዳቤ በተሳሳተ ሳጥን ውስጥ ከትቻለሁ። ሁለቱ የሳጥን ቁጥሮች በአንድ አኃዝ ብቻ ነበር የሚለያዩት። ደብዳቤው የአንድ ልጅ ነበር፣ ለሥራ ፈተና የተጠራበት። የሳጥኑ ባለቤት ከሳምንት በኋላ መልሶ ሲያመጣው ቀኑን አየሁትና ደሜ ቀዘቀዘ። ፈተናው በማግስቱ ነበር። ጋሽ ሞላ ምንም አላለኝም። ካፖርቱን ለበሰ፣ ጃንጥላውን ለእኔ ሰጠኝ፣ «ነይ» አለኝ። አዘዞ ወረድን። በጭቃ ውስጥ ቤት ለቤት ስንጠይቅ አመሸን። ልጁን ማታ አንድ ሰዓት ላይ እናቱ ቤት አገኘነው። እኔ ሳግ እያነቀኝ ይቅርታ ስጠይቅ እናትዮዋ እጄን ይዛ አስገባችን፣ እሳት አነደደችልን፣ ጠላ ቀዳችልን። ልጁ ተፈተነ። አለፈም። እኔ የማልረሳው ግን የጋሽ ሞላን ትከሻ ነው፤ እስከ አጥንቱ ርሶ ነበር፣ ጃንጥላውን አንድም ጊዜ ወደ ራሱ አላዞረውም።

ስለዚህ ይህን ሰዓት ሳየው የእሱን ስምም አነባለሁ።

እነዚያ ዓመታት ለዚህ ቤት ከባድ ነበሩ። ከ1990 እስከ 1992 በነበረው ጦርነት ጊዜ ከግንባር የሚመጣውን ደብዳቤ የለየን ሰዎች ዛሬ እዚህ ያለነው ሦስት ብቻ ነን። ፖስታው አቧራ ነበር የሚሸተው። እናቶች ከገጠር ለቅዳሜ ገበያ ሲመጡ እግረ መንገዳቸውን እዚህ ይገባሉ። ሳጥን የላቸውም። በቀበሌው ወይም በዘመድ ሳጥን ነው የሚጻፍላቸው። አንዲት እናት ነበሩ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣሉ። ስም አይጠሩም፤ መስኮቴ ላይ ቆመው ዓይኔን ብቻ ያያሉ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ። አንድ ቅዳሜ ደብዳቤው መጣ። ማንበብ አይችሉም ነበርና እኔ ከመስኮቱ ወጥቼ ደረጃው ላይ አብረን ተቀምጠን አነበብኩላቸው። «ደኅና ነኝ፣ በሬውን እንዳትሸጭው» ይላል። ይህችን ቃል አራት ጊዜ አስነበቡኝ። መስኮቴ ላይ ሰልፍ ነበር። አስናቀች፣ አንቺ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበርሽ፤ ማንም ሳያዝሽ ቦታዬ ላይ ገብተሽ ሰልፉን ሠራሽልኝ። ያን ቀን አመስግኜሽ አላውቅም። ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት አመሰግንሻለሁ።

የዲቪውን ዘመንስ ማን ይረሳል? ያኔ ማመልከቻው በወረቀት ተሞልቶ በፖስታ ነበር የሚላከው። ፎቶ ቆርጦ የሚለጥፈው፣ አድራሻ የሚያስጽፈው፣ ፖስታውን ስሞ የሚያስገባው፣ ሰልፉ ከበሩ አልፎ ፒያሳ መንገድ ላይ ይወጣ ነበር። በ1996 ምዝገባው በኢንተርኔት ሆነና ሰልፉ በአንድ ዓመት ጭር አለ። ከዚያ ሞባይል መጣ። ደብዳቤ እየሳሳ ሄደ። ብዙ ሰው «ፖስታ ቤት አሁን ምን ሥራ አለው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ይህን ጥያቄ አልወደውም። ከውጭ ለታማሚ የሚላክ መድኃኒት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ መጻሕፍት፤ ዛሬም በዚህ በር ይገባሉ፣ በዚህ በር ይወጣሉ። መንገድ ተዘግቶ ከረጢቶቹ በቆዩባቸው ሳምንታት ሰው እንዴት በጭንቀት እየደወለ እንደጠየቀን አብረን አይተናል። የሚጠበቅ ነገር እስካለ ድረስ እዚህ መስኮት ላይ ሰው መቀመጥ አለበት።

ዘበኛችን አባ ንጋቱ፣ በጥምቀት ሰሞን ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ፣ እርስዎ ታቦት ሳይሸኙ ይህን በር የጠበቁባቸው ዓመታት ስንት ናቸው? እኔ ጸበሉን በጠርሙስ ይዤልዎት ስመጣ እጅዎን ዘርግተው የሚመርቁኝ ምርቃት ነው ለልጆቼ የደረሰው። ሾፌራችን ወንድሜነህ፣ ከረጢቱን ለአውሮፕላን ለማድረስ አዘዞ ስትመላለስ ምሳህን መኪና ውስጥ የበላህባቸውን ቀናት አውቃለሁ። አቶ ደሳለኝ፣ እናቴ ያረፈች ጊዜ ቢሮ ዘግተው ሠራተኛውን ሁሉ ይዘው ለቅሶ ደርሰውኛል። ብድር መላሽ ያድርገኝ።

ባለቤቴንና ልጆቼን ቤት ስንገባ አመሰግናቸዋለሁ፤ የእነሱ ብዙ ነው፣ እዚህ ከጀመርኩ አልጨርስም።

ገንዘቡን እንዴት እንዳዋጣችሁ ዛሬ ነው የሰማሁት። አምስት ወር ሙሉ ደመወዝ በወጣ ቁጥር እኔ ስወጣ እየጠበቃችሁ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። ኑሮው እንዴት እንደተወደደ አውቃለሁ። የቤት ኪራያችሁን አውቃለሁ፣ የልጆቻችሁን ዕድሜ አውቃለሁ። ማን ከምን ላይ ቀንሶ እንደሰጠ ስለማውቅ ነው ጠዋት መናገር ያቃተኝ። ይህን ሰዓት ለክት አላስቀምጠውም። በየቀኑ አስረዋለሁ። ወጥ ስሠራም፣ ቤተ ክርስቲያን ስስምም፣ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ሳመጣም በእጄ ላይ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሕይወት፣ እስቲ ወደዚህ ነይ ልጄ።

ይህች ወረንጦ የጋሽ ሞላ ናት። ጡረታ ሲወጣ ለእኔ ሰጠኝ። ጫፏ ትንሽ ተጣሟል፣ ግን ቁጥሮቹን አጥብቃ ትይዛለች። አዲስ ቢገዛልሽም ይህችን አትጣያት። ከነገ ጀምሮ ቀኑን የምትለውጪው አንቺ ነሽ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ማንም ሳይገባ። በቁራጭ ወረቀት ሁለት ጊዜ ምቺ፣ ወደ ብርሃኑ ይዘሽ እዪው።

ነገ ሐምሌ 1 ነው። ወሩንም መለወጥ እንዳትረሺ።