ከሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ

ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ

ጋሼ፣ ትናንት ማታ በቴሌግራም በችኮላ የጻፍኩልዎትን ይተውትና ይህን ይያዙልኝ። እናቴ ሐረር ብቻዋን ስለሆነች ጠቅልዬ ወደዚያ ልሄድ ነው። ስለዚህ ሥራዬን በፈቃዴ እለቃለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ቅዳሜ ግንቦት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

አዲስ በነበርኩ ጊዜ የስኳር ቆጠራ ሲጎድልብኝ አልተቆጡኝም። በዚያ ሙቀት ጆንያውን አንድ በአንድ አብረውኝ ቆጠሩ። (ሁለቱ ከበሩ ኋላ ነበሩ!) ስለ ሁሉም ከልብ አመሰግናለሁ።

ቁልፉንና መዝገቡን ለሚተካኝ ሰው ቆጥሬ አስረክባለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬና ቀሪ ክፍያዬ እንዲዘጋጅልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የመጋዘኑ ንብረት ያዥ