የ4ኛው ቅዳሜ የአማርኛ ክፍል እቅድ፦ «ስለ ቤቴ»

ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 (ስልካችሁ ላይ ከ10:00 እስከ 12:00)
ልጆች፦ 9፣ ከ6 እስከ 10 ዓመት
አስተማሪዎች፦ 2
የሚያውቋቸው ፊደላት፦ በ፣ ለ፣ ሰ ከነእርባታቸው። ዛሬ ተ ይጨመራል።
የሚያዝ፦ የፊደል ካርዶች፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ስቴፕለር

ዛሬ የምንፈልገው

እያንዳንዱ ልጅ ራሱ የሠራትን ትንሽ መጽሐፍ እያነበበ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነው። ርዕሷ «ስለ ቤቴ» ነው። ልብ በሉ፣ ርዕሱ የተጻፈው በአራቱ ፊደላት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ተን የመረጥነው።

ባለፈው ዓመት ከሀ ጀምረን በተራ ወረድን። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ልጆቹ እንደ ዘፈን ሸመደዱት። «ቤ»ን ለብቻዋ ስናሳያቸው ግን በ፣ ቡ፣ ቢ እያሉ ከላይ መቁጠር ጀመሩ። ይሄ ማንበብ አይደለም። ዘንድሮ ጥቂት ፊደል፣ ግን ቃል ይዞ።

4:00፤ ና፣ ነይ፣ ኑ (30 ደቂቃ)

ወንበሮቹን በክብ አድርጉ። መጽሐፍም ካርድም አይወጣም።

ብዙዎቹ ልጆች የሚነገራቸውን ይሰማሉ፣ መልሱን ግን በሌላ ቋንቋ ይሰጣሉ። ሲናገሩም እናት ልጇን «ና» ስትለው ይሰማና እሱም መልሶ እናቱን «ና» ይላታል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የሰማውን ነው ያለው። ስለዚህ ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ መሃል ይቆማል፣ ሌላውን ይጠራል። ለወንድ ና፣ ለሴት ነይ፣ ለብዙ ኑ። ከተሳሳተ የተጠራው ከወንበሩ አይነሳም፣ አለቀ። ቀጥሎ ተቀመጥ፣ ተቀመጪ፣ ተቀመጡ። በመጨረሻ ከአስተማሪዎቹ አንዳችን እንደ አያት እንቀመጥና «ይምጡ»፣ «ይቀመጡ» ይሉናል።

ማንም ሲሳሳት አይሳቅ። ትልልቆቹም ጭምር፤ አንዳንዴ ጣፋጭ ስህተት ነው፣ ግን ዋጥ አድርጉት። አንዴ የተሳቀበት ልጅ ለወራት አፉን ይዘጋል።

4:30፤ ተ (35 ደቂቃ)

በን እና ተን ጎን ለጎን ጻፉ። ቡ እና ቱ ወገባቸው ላይ ቅጥያ አላቸው፤ ቢ እና ቲ እግራቸው ሥር፤ ቤ እና ቴ እግራቸው ላይ ቀለበት። ይሄን ልጆቹ ራሳቸው ያግኙት፣ እኛ አንንገራቸው። ባ እና ታ ላይ ሲደርሱ ይለያያል፦ ባ ግራ እግሩ አጥሯል፣ ታ ግን አንድ እግር ብቻ ስላለው ወደ ግራ ይታጠፋል። «ለምን?» ለሚል ልጅ መልሱ ይኸው ነው።

ከዚያ ቃል፦ ቤት፣ ቤቴ፣ ቤቱ። የመጨረሻዋ ፊደል ስትለወጥ ባለቤቱ ተለወጠ! እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ልብስ፣ ልብሴ፣ ልብሱ። ልብ፣ ልቤ፣ ልቡ። አንዱ ልጅ ካርዱን ይቀይራል፣ ሌላው የማን እንደሆነ ይናገራል።

«ቤት»ን «ቤትእ» ብለው ካነበቡ ሳድስ አስቸግሯቸዋል ማለት ነው። ደንብ አታስረዱ። «ይሄን ቃል ታውቀዋለህ፣ እንደምትናገረው በለው» ማለት ይበቃል።

ለጆሮ ብቻ፦ ተፋ እና ጠፋ። ትንፋሽ ይዞ «ጥ» ማለት ይቻላል፣ «ት» ግን እምቢ ይላል። ይሞክሩት፣ ይወዱታል። ጠን መጻፍ ገና ነው።

5:05፤ እረፍት (15 ደቂቃ)

እርስ በርስ በሚቀናቸው ቋንቋ ያውሩ። አትቆጡ።

5:20፤ መጽሐፏ (30 ደቂቃ)

ወረቀቱ ለሁለት ታጥፎ በስቴፕለር ይያያዛል። ሽፋኑ ላይ «ስለ ቤቴ»። ከዚያ አራት ገጽ፦ ቤቴ፤ ልብሴ፤ ሰባት ልብስ፤ ልቤ። በየገጹ ሥዕል ይሳሉ። ስድስት ልብስ ስሎ «ሰባት» የጻፈ ካለ ጓደኛው ይቁጠርለት። የ6 ዓመቶቹ ሽፋኑንና ሁለት ገጽ ከጨረሱ በቂ ነው። ትልልቆቹ «ሴት»ን ወይም «ቦታ»ን ጨምረው አምስተኛ ገጽ ይሥሩ።

5:50፤ ወላጆች ሲመጡ (10 ደቂቃ)

ልጁ ለወሰደው ሰው በር ላይ ያነብባል። ለወላጆች የምንለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ቀን፣ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ መጽሐፏን ለአንድ ሰው ያንብብ፤ አያት በስልክ ካለች ደግሞ ለእሷ። ሁለተኛ፣ ልጁ በሌላ ቋንቋ ሲመልስ «በአማርኛ በል!» ብሎ ከመጮህ ያለውን በአማርኛ ደግሞለት ወሬውን መቀጠል ይሻላል።

ሰዓት ካጠረን የሚቀረው ተፋ እና ጠፋ ነው፤ መጽሐፏ አትቀርም። የሚቀጥለው ቅዳሜ መ ነው። እርባታው እንደ በ ስለማይሄድ ካርዶቹን ሐሙስ ማታ ተገናኝተን እናዘጋጅ።