የቤታችን ፎቶዎች አቀማመጥና አሰያየም

ይህ ጽሑፍ በሃርድ ዲስኩ ላይ `00_ANBIBU` በሚል ስም ይቀመጣል። ድሬዳዋ ያለነውም፣ ሐረር ያላችሁትም፣ አዲስ አበባ ያላችሁትም ፎቶ ከመጨመራችሁ በፊት አንብቡት። የአባባ ኒኮን ካሜራ፣ የጋሼ ካነን፣ የእማማ ሁለት ቴክኖዎች፣ የእህታችን አይፎን፣ የእኔ ሳምሰንግና ከአልበም በስካነር የተነሱት ሁሉ በአንድ ሥርዓት ይገባሉ።

ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ፎቶው ከፎልደሩ ወጥቶ ብቻውን ቢገኝም መቼ እንደተነሳና በምን እንደተነሳ ስሙ ይናገር። `DSC_0412.JPG` ምንም አይነግረንም። ኒኮኑ 9999 ሲደርስ ከ0001 ይጀምራል፤ ስለዚህ አንድ ስም ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች አሉን። አንዱ በሌላው ላይ ከተገለበጠ የታችኛው ጠፋ ማለት ነው። የእኛ ስም እንዲህ ነው፦

```
2019-01-19_101532_nik.jpg
```

ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ መሣሪያው። ዓመቱ የሚቀድመው ኮምፒውተር ስሞችን በተርታ ሲደረድር የጊዜው ቅደም ተከተል ራሱ እንዲመጣ ነው። ቀኑን ካስቀደምን የየዓመቱ 19 ቀን ሁሉ አንድ ላይ ይከመራል። የመሣሪያዎቹ አጭር ስም `nik`፣ `can`፣ `tec1`፣ `tec2`፣ `iph`፣ `sam` እና `scan` ነው። በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም የመጣ `net` ይባላል። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው አዲስ አጭር ስም እዚህ ይጨምር።

የቀን አቆጣጠሩ የፈረንጆቹ ነው። ብዙ እንዳሰብኩበት እወቁልኝ፤ ልቤ ወደ እኛው ያደላል። ነገር ግን ካሜራዎቹና ስልኮቹ ሁሉ በፎቶው ውስጥ የሚጽፉት በፈረንጅ ነው። ሁለቱን ብንቀላቅል 2011 የትኛው 2011 እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ `101532` ማለት በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ15 ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ቦታው በፎልደሩ ውስጥ ያለችው `MASTAWESHA.txt` ናት። እዚያ «ጥር 11፣ 2011፣ ጥምቀት፣ ሐረር» ብላችሁ፣ በፎቶው ያሉትን ሰዎች ስምና ዝምድና ጨምሩ። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። የእማማን የአክስት ልጆች በስም የምትለየው እማማ ብቻ ናት፤ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ጠይቋትና ጻፉ።

ፎልደሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
FOTO/
  00_GEBI/
  10_ORIG/
  20_AMET/
    2018/
      2018-09-11_እንቁጣጣሽ_ድሬዳዋ/
      2018-12-28_ቁልቢ/
    2019/
      2019-01-07_ገና_ከዚራ/
      2019-01-19_ጥምቀት_ሀረር/
      2019-02-00_ልዩልዩ/
  30_SCAN/
```

`00_GEBI` አዲስ የመጣው ሁሉ የሚያርፍበት ነው። `10_ORIG` ከመሣሪያው እንደወጣ፣ ስሙ እንኳን ሳይነካ የሚቀመጥበት ነው። እዚያ ውስጥ ማንም ምንም አይቀይርም፣ አይሰርዝም። ስም የሚሰጠውና የሚደረደረው ቅጂው ነው። ቦታ ይበላል፣ አዎ። ግን ሃርድ ዲስክ እንደገና ይገዛል፤ የአያታችን ፎቶ አይገዛም።

ቁልቢና ገና በእኛ አቆጣጠር በአንድ ዓመት፣ በአንድ ታኅሣሥ ናቸው፤ በፎልደር ግን 2018 እና 2019 ላይ ይለያያሉ። ለመልመድ ትንሽ ያስቸግራል። ቁልቢን የምትፈልጉ ሰዎች የታኅሣሡን በፈረንጅ ዲሴምበር መጨረሻ፣ የሐምሌውን ጁላይ መጨረሻ ላይ ፈልጉ።

በየዓመቱ ሥር ያሉት ፎልደሮች ስም በአማርኛ ነው፣ የፋይል ስም ግን በላቲን። ምክንያቱም አንዳንድ የድሮ ቴሌቪዥንና ፕሮግራም ፊደላችንን በባዶ ሣጥን ያሳያል። በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ አንድ አደጋ አለ። አንዱ «ሠርግ»፣ ሌላው «ሰርግ» ብሎ ከጻፈ፣ ኮምፒውተሩ ሲፈልግ አንደኛውን ብቻ ያገኛል። ለእሱ ሁለቱ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ስለዚህ በፎልደር ስም ላይ ብቻ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ እንጠቀማለን፤ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ አይገቡም። ሐረርም ለዚህ ሲባል «ሀረር» ትሆናለች። ሐረር ያላችሁት ቅር እንዳይላችሁ፤ ማስታወሻው ውስጥ እንደምትወዱት ጻፉት። ክፍት ቦታ አትተዉ፣ በእሱ ፋንታ `_` አድርጉ። `/`፣ `:` እና `?` ዊንዶውስ ስለማይቀበላቸው ጨርሶ አይግቡ።

ስም ለመቀየር `exiftool` እንጠቀማለን። ቅጂው ወዳለበት ፎልደር ገብታችሁ መጀመሪያ ሙከራውን አስኪዱ፤ ምንም ሳይነካ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል፦

```
exiftool -d "%Y-%m-%d_%H%M%S_nik%%-c.%%le" "-testname<DateTimeOriginal" .
```

ያሳያችሁ ትክክል ከሆነ `testname` የሚለውን `FileName` አድርጋችሁ ድገሙት። በአንድ ሰከንድ ሁለት ፎቶ ካለ `-1` ይጨምርበታል።

የአባባ ኒኮን ባትሪ ሲያልቅበት ቀኑን ይረሳል። የ2019 ጥምቀት ፎቶዎች ሁሉ 2010-01-01 ብለው ነው የወጡት። እንዲህ ያለውን ስም ከመስጠታችን በፊት ልዩነቱን እንደምርበታለን፤ እዚህ ላይ 9 ዓመት ከ18 ቀን ነው፦

```
exiftool "-AllDates+=9:0:18 0:0:0" .
```

ቪዲዮ ለብቻው ይታይ። ብዙ ስልኮች በቪዲዮው ውስጥ ሰዓቱን የሚጽፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ይሆናል። ሙሽሪት ከቤት ሳትወጣ ጭፈራው የጀመረ ይመስላል። ስለዚህ ለቪዲዮ `VID_20190119_131005.mp4` ከሚለው ከስልኩ ስም ላይ ሰዓቱን ውሰዱ።

`IMG-20190122-WA0007.jpg` የሚመስል ስም ከዋትሳፕ ነው። ቀኑ ፎቶው የተነሳበት ሳይሆን ስልኩ ላይ የደረሰበት ነው፤ ጥራቱም ተቀንሷል። ዋናው የተገኘ እንደሆነ ዋናው ይገባል፤ ካልተገኘ ቀኑን ጠይቀን `net` ብለን እናስገባዋለን። ወደ እኔ ስትልኩ ደግሞ በቴሌግራም «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል።

የአልበሞቹ ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን የእኛ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ከሆነ በዓመቱ ላይ 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ 8። ያለፈው ዓመት ጳጉሜ 6 ከነበረች ድንበሩ ታኅሣሥ 21 ነው። ዓመቱ ብቻ ከተጻፈ 8 ደምራችሁ ወርና ቀኑን `00` አድርጉ፤ 1979 ብቻ ከሆነ `1987-00-00`፣ ወሩም ተጽፎ ጥር 1979 ከሆነ `1987-01-00` ይሆናል። የማናውቀውን ቀን ግምት አንጽፍም፤ `00` ሐቅ ነው። ጀርባውንም ስካን አድርጉና በዚያው ስም `_jerba` ጨምሩበት። የአባባ የእጅ ጽሑፍ አለበትና።

ሃርድ ዲስኮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ከዚራ እኔ ዘንድ፣ ሌላው ሐረር እህታችን ቤት። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከተማዋ ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሁለቱ በአንድ ቤት፣ በአንድ ከተማም አያድሩም። ለቁልቢና ለጥምቀት ስንገናኝ እየተያየን እናስተካክላቸዋለን። የሐረሩ ዲስክ `10_ORIG` ከከዚራው ጋር እኩል መሆኑን ሳታዩ ከስልካችሁ ምንም አታጥፉ።

የት እንደሚገባ ያልገባችሁ ነገር ካለ `00_GEBI` ውስጥ ትታችሁ ደውሉልኝ።