የገና ሰላምታ ቪዲዮ ከሜሪላንድ ወደ ደብረ ብርሃን

(ሁሉም ሶፋ ላይ፤ ልጆቹ የአገር ልብስ ለብሰዋል)

አባት፦ እማዬ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ጎረቤቶቻችንም ሁላችሁ! እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

እናት፦ እዚህ ታኅሣሥ 29 የሥራ ቀን ነው። እኔ ግን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ያለ ዶሮ ወጥ ምን ገና አለ? እማማ፣ የላኩልን የመንዝ ቅቤ ሽታው ፎቁን በሙሉ አዳርሶታል። እግዜር ይስጥልን!

ሴት ልጅ፦ አያቴ፣ ናፍቀሽኛል። ትምህርት ሲዘጋ እንመጣለን። ቆሎ አስቀምጪልኝ፣ ከሱፉ ጋር!

ወንድ ልጅ፦ (ካሜራው ላይ ተጠግቶ) ጋሼ፣ የእኔዋ ጥቁር በግ አልታረደችም አይደል?

አባት፦ (እየሳቀ) እሱን መልሱለት፣ አደራ! እማዬ፣ ብርዱ ከባድ ነው አሉ፤ ማታ ማታ ባናውን ደርቢ።

ሁሉም፦ (እጃቸውን እያውለበለቡ) መልካም ገና!