የፎስፈረስ ጫናና የወሽመጡ መለምለም
የባሕር ዳር ዳርቻ አያያዝ ሪፖርት፣ ምዕራፍ 3

3.1 ውኃው ለምን ይለመልማል

ጣና ከ3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ በላይ ቢሰፋም አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ሪፖርት የያዝነው ከከተማው ዳርቻ የገባው ወሽመጥ ደግሞ አማካይ ጥልቀቱ ከ3 ሜትር አይበልጥም። ነፋስ ሲነሣ ከታች ያለው ጭቃ ይነሣል፤ ዝናብ ሲዘንብ የሰፈሩ እጣቢ በቦይ ተጠርጎ ይገባል። ሁለቱም ፎስፈረስ ይዘው ነው የሚመጡት። በዓመት የሚገባውን የፎስፈረስ መጠን ጫና እንለዋለን።

አልጌ ለማደግ ብዙ ነገር ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ከሚያስፈልገው አንጻር በውኃ ውስጥ ቶሎ የሚያጥረው ብዙ ጊዜ ፎስፈረስ ነው። ናይትሮጅን ቢያጥር እንኳ አንዳንድ ሳይኖባክቴሪያዎች ከአየር ወስደው ይጠቀማሉ፤ ፎስፈረስ ግን ከአየር አይገኝም። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ አልጌ ማብቀል ይችላል። ያ አልጌ ሞቶ ሲበሰብስ 140 ኪሎ ገደማ ኦክሲጅን ይበላል። በባሕር ዳር ከፍታና ሙቀት ውኃ ሞልቶ የሚይዘው ኦክሲጅን በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ይህ በ20,000 ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በሙሉ ማለት ነው። ዓሣ ጎሕ ሳይቀድ የሚሞተውም በዚህ ነው፦ ሌሊት አልጌው ራሱ ይተነፍሳል፣ ኦክሲጅን የሚሠራ ግን የለም።

የጣና ልዩ ጠባይ ደለሉ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ውኃው ቡናማ ስለሚሆን ብርሃን ወደ ታች አይወርድም፤ ፎስፈረሱ ሞልቶም አልጌው አይነሣም። ደለሉ ሲረጋና ውኃው ሲጠራ ግን የተከማቸው ጫና አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ዳርቻውን አይቶ «ደኅና ነው» ማለት ከቶ አይበቃም።

3.2 ምን ያህል ይገባል

ከታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ ግምቶች ናቸው፤ የክትትሉ ልኬት ሲገባ ይተካሉ። ወሽመጡ 10 ኪሎ ሜትር ካሬ ስፋትና 3 ሜትር አማካይ ጥልቀት አለው፤ ይዘቱ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል።

| ምንጭ | እንዴት ተሰላ | ቶን በዓመት |
|---|---|---|
| የቤት ፍሳሽ | 40,000 ሰው × 1.8 ግራም በቀን × 365፣ ከዚህ 25 በመቶው ዳርቻ ይደርሳል | 6.6 |
| እርሻና ጎርፍ | 6,000 ሄክታር × 0.6 ኪሎ | 3.6 |
| ሆቴል፣ ቄራ፣ ላቫጆ | በአንድ ተጠቃሎ | 0.9 |
| ዝናብና አቧራ | 10 ኪሎ ሜትር ካሬ × 30 ኪሎ | 0.3 |
| ከታች ጭቃ የሚለቀቅ | 1 ሚሊ ግራም በሜትር ካሬ በቀን፣ ለ120 ቀን | 1.2 |
| ድምር | | 12.6 |

ስለ ማዳበሪያ አንድ ነገር፦ በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ፎስፈረስ ሳይሆን የፎስፈረስ ኦክሳይድ ነው። ኤንፒኤስ 38 በመቶ ቢልም ትክክለኛው ፎስፈረስ ይህ በ0.436 ሲባዛ ነው፤ ከአንድ ኩንታል 16.6 ኪሎ። ከዚህ ጋር ያለው ሌላው ስህተት ላቦራቶሪ «ፎስፌት» ብሎ የሰጠውን ውጤት እንደ ፎስፈረስ ማስገባት ነው። በፎስፌት የተገለጸው ለ3.07 ካልተካፈለ ጫናው ሦስት እጥፍ ይሆንና ከተማው ሁሉ ጥፋተኛ ይመስላል።

3.3 የገቢና ወጪ ሚዛን

ወሽመጡን እንደ አንድ በደንብ የተቀላቀለ ገንዳ እንየው። የሚገባው ከምንጮቹና ከዋናው ሐይቅ ውኃ ጋር ነው፤ የሚወጣው በፍሰት፣ ከሐይቁ ጋር በመለዋወጥና ወደ ጭቃው በመስጠም ነው። ገቢና ወጪው ሲተካከሉ፦

```
P = (W + E*PL) / (Q + E + v*A)
```

P የወሽመጡ የፎስፈረስ ክምችት ማለትም በተወሰነ ውኃ ውስጥ የሚገኘው መጠን፣ W የምንጮቹ ጫና በዓመት 12.6 ቶን፣ Q ከጅረቶች የሚገባው ውኃ በዓመት 18 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ E ከሐይቁ ጋር የሚለዋወጠው በዓመት 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ PL የሐይቁ የፎስፈረስ ክምችት 40 ማይክሮ ግራም በሊትር፣ v የመስጠሚያ ፍጥነት 10 ሜትር በዓመት፣ A የወሽመጡ ስፋት ነው። ዝናቡና ትነቱ እንደሚካካሱ ወስደናል።

```
E*PL = 100e6 * 0.040 g  = 4.0 t
v*A  = 10 * 10e6        = 100e6 m3
P    = 16.6e6 g / 218e6 m3 = 0.076 g/m3
```

ማለትም 76 ማይክሮ ግራም በሊትር። በተለመደው መለኪያ ከ35 እስከ 100 ያለው የለመለመ ውኃ ስለሆነ ወሽመጡ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ተቀምጧል። ግቡን 35 ማድረግ ግን አንመክርም። ሐይቁ ራሱ 40 ይዞ እያለ ወሽመጡን ከሐይቁ በታች ለማውረድ የሚወጣው ገንዘብ ከሚገኘው ጥቅም ጋር አይመጣጠንም። 50 የሚደረስበት ግብ ነው፤ ለዚህ ጫናው ከ12.6 ወደ 6.9 ቶን መውረድ አለበት።

እርሻው ብቻ በ30 በመቶ ቢቀንስ P ከ76 ወደ 71 ብቻ ነው የሚወርደው። የቤት ፍሳሹን በሦስት አራተኛ፣ ሆቴል፣ ቄራና ላቫጆን በግማሽ፣ እርሻውን በ10 በመቶ መቀነስ ግን 5.76 ቶን ያስቀራል፤ P 50 ላይ ይደርሳል። ትልቁ ሥራ ፍሳሹ ላይ ነው፦ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከጎርፍ ቦይ ጋር የተገናኘበትን ቦታ ለይቶ መዝጋት፣ ጉድጓዱ ሳይሞላ በቦቴ ማስነሣት፣ ቦቴውም ዳርቻ ላይ እንዳይደፋ መቆጣጠር። ይህ ስሌት ለወሽመጡ ብቻ መሆኑን ግን አንርሳ። ለሐይቁ በሙሉ ከሆነ ክብደቱ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይዘውት በሚመጡት አፈር ላይ ያርፋል።

3.4 ሚዛኑ የማያሳየው

የውኃው ምላሽ ፈጣን ነው፤ 30 ለ218 ሲካፈል 0.14 ዓመት፣ ማለትም 50 ቀን ገደማ። ጭቃው ግን ዘገምተኛ ነው። ከታች ኦክሲጅን ሲጠፋ ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረው ፎስፈረስ ይለቀቃል፣ ነፋሱም የተረጋውን ያነሣል። ስለዚህ ፍሳሹ በተዘጋ በመጀመሪያው ዓመት 50 ካልታየ ሥራው ከሸፈ ማለት አይደለም።

እምቦጭ ማጨድም በልኩ ይታይ። አንድ ቶን እርጥብ እምቦጭ ውስጥ 50 ኪሎ ያህል ደረቅ ነገር ይገኛል፣ በውስጡም 0.2 ኪሎ ገደማ ፎስፈረስ። 1,000 ቶን ቢወጣ 200 ኪሎ ነው፤ ከዓመቱ ጫና 2 በመቶ አይሞላም። ያውም ዳርቻ ላይ ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይወስደዋል። ከጎርፉ መስመር ውጪ መድረቅ አለበት።

3.5 ናሙና አወሳሰድ

ጫና ክምችት በፍሰት ተባዝቶ ነው። በደረቅ ቀን በሰከንድ 0.05 ሜትር ኩብ የሚፈስ ቦይ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ይዞ ቀኑን ሙሉ 8.6 ኪሎ ያስገባል። ያው ቦይ በጎርፍ ጊዜ 2 ሜትር ኩብ ሲፈስ ክምችቱ ወደ 0.9 ወርዶም በሦስት ሰዓት ብቻ 19.4 ኪሎ ያስገባል። በወር አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በማይዘንብበት ጠዋት የተወሰደ ናሙና ይህን ጎርፍ ፈጽሞ አያየውም። በክረምት ቢያንስ ሦስት ጎርፍ ሲነሣ፣ ሲያይልና ሲጎድል ይወሰድ፤ የቦዩ ከፍታም በዚያው ሰዓት ይመዝገብ።

ጠርሙሱ በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይታጠብ፤ በሳሙና ከታጠበ ከሳሙናው ፎስፈረስ ሊገባበት ይችላል። ጠቅላላ ፎስፈረስ ለሚለካበት ናሙና ውኃው አይጣራ፣ ምክንያቱም በክረምት አብዛኛው ፎስፈረስ በደለሉ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮበት ፒኤች ከ2 በታች ከወረደ በኋላ በ4 ዲግሪ ሴልሽየስ ይቀመጥ፤ ከ28 ቀን ያለፈው አይለካ።